ልጄ ላይ የወጣችው ሉል የመሰለች ፍሬ ቀልታ አበጠች፤ መድኃኒቱን ልጀምርላት?

የሽምብጧ እናት | ጥቅምት 9

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ባሕር ዳር ሽምብጥ ነው። ልጄ 4 ዓመቷ ነው። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ገላዋን ሳጥባት ብብቷ ሥር ሦስት ጥቃቅን ፍሬዎች አየሁ። የቆዳዋን መልክ የያዙ ናቸው፤ ግን ያብረቀርቃሉ፣ ልክ እንደ ሉል። ሙቀቱ ያመጣው ሽፍታ መስሎኝ ተውኩት። መስከረም ላይ 11 ሆኑ። ትናንት ማታ ስቆጥራቸው 19 ናቸው። ከብብቷ ወደ ጎኗና ወደ ክንዷ ውስጠኛ ክፍል ወርደዋል።

ትኩሳት የላትም። ትበላለች፣ ትጫወታለች። ማታ ማታ ግን ታካለች።

ጤና ጣቢያ ወስጃት ነበር። ያያት ባለሙያ "ሞለስከም ነው፣ በራሱ ይጠፋል" ብሎ ሸኘኝ። ከዚያ በላይ አልነገረኝም። ከሦስት ቀን በፊት ግን አንዷ ፍሬ ቀልታ አበጠች። ዳር ዳሯ ሲነካ ይሞቃል። ደንግጬ አንድ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ልጅቷን ሳያዩ አሞክሳሲሊን ሽሮፕና አንድ ቅባት ሰጡኝ። ሁለቱንም ገና አልጀመርኩላትም። ታናሽ ወንድሟ 2 ዓመቱ ነው። አብረው ይተኛሉ፣ የማጥባቸውም በአንድ ሳፋ ነው። ላስነቅልላት ወይስ ልጠብቅ? እባካችሁ ያያችሁ ንገሩኝ።

ባለታንኳ | ጥቅምት 9

እህቴ፣ ይሄ ከሐይቁ ነው። ክረምት ላይ ጣና ዳር ወስደሻት ዋኝታ ይሆናል። የእኔም ልጅ ከውሃ ወጥቶ በዚያው ቀን ሰውነቱ በሙሉ ሽፍ ብሎበት ነበር። በሐይቁ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች አሉ፤ ከእነሱ የሚወጣው ትል ነው ቆዳ የሚበሳው። ቢልሃርዚያ ትመርመር።

የሽምብጧ እናት | ጥቅምት 9

አመሰግናለሁ ወንድሜ። ግን ሐይቁ ውስጥ ገብታ አታውቅም። ዳር ላይ ቆማ ነው የምታየው።

የዘጌ እናት | ጥቅምት 9

ልጄ፣ አይዞሽ። እኛ አገር ኪንታሮት ሲወጣ የቁልቋል ወተት ጠብ ይደረግበታል። ከሦስት ቀን በኋላ ጠቁሮ ይረግፋል። እኔ አምስት ልጅ አሳድጌበታለሁ። ማስነቀል ምን ያደርግልሻል፣ ሕፃን ልጅ በብረት ከምትነኪ።

ነጭ ጋዋን | ጥቅምት 10

ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። ከስድስት ዓመት በላይ የቆዳ ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ፣ ይሄንንም በየሳምንቱ አየዋለሁ። ልጅቷን ሳላይ ነው የምጽፈው፤ ያንን ያዙልኝ።

እህቴ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ዛሬ በቀን ብርሃን፣ ካልቀሉት ውስጥ አንዷን ወደ ጎን ሆነሽ እያት። መሃሏ ላይ ትንሽ ስርጉድ አለ? እንደ እምብርት ያለ? ያ ካለ፣ ጤና ጣቢያ ያየሽው ሰው ልክ ነው፤ ሞለስከም በቫይረስ የሚመጣ የቆዳ ፍሬ ነው። በዚያ ስርጉድ ሥር እንደ አይብ ያለ ነጭ ጠጠር ነገር አለ። ቫይረሱ የታጨቀው እዚያ ነው። ስታክ ያ ነጭ ነገር ጥፍሯ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ጎኗን ስታክ እዚያ ይዘራል። ከብብት ወደ ጎን፣ ከጎን ወደ ክንድ ውስጠኛ የወረደው በዚህ መንገድ ነው። ቆዳና ቆዳ የሚፋተግበት ቦታ ሁሉ ይመቸዋል። ደም ውስጥ አይገባም፣ ወደ ሆድ ዕቃ አይሄድም። የላይኛው ቆዳ ላይ ብቻ ነው የሚኖረው።

ቀልታ ስላበጠችው። ይሄ ሁሉንም እናት የሚያስደነግጥ ነገር ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግን ደግ ምልክት ነው። ይሄ ቫይረስ ከሰውነት መከላከያ ተደብቆ ወራት ይቆያል። ለዚህ ነው ፍሬዎቹ የማያሙት፣ የማይቀሉት፣ ቆዳ መስለው የሚቀመጡት። ሰውነት አንድ ቀን ሲነቃበት ውጊያው የሚጀምረው በዚያች ፍሬ ላይ ነው። ትቀላለች፣ ታብጣለች፣ ትሞቃለች፣ አንዳንዴ ጫፏ ላይ መግል የመሰለ ነጭ ይታያል። ከዚያ ቅርፊት ይዛ ትጠፋለች። ብዙ ጊዜ አንዷ ከቀላች በሚቀጥሉት ሳምንታት ሌሎቹም ይከተላሉ።

እውነተኛ የባክቴሪያ ቁስለትስ እንዴት ይለያል? በእስክሪብቶ የቅላቱን ዳር ዳር አስምሪ። ሁለት ቀን ጠብቂ። ቅላቱ ከመስመሩ አልፎ ሲሄድ ካየሽ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ስትነካት የምታለቅስ ከሆነ፣ መግል የሚፈስ ከሆነ፣ ወይም ልጅቷ ከፈዘዘች፣ በዚያው ቀን ሐኪም ይያት። እንዲያ ካልሆነ አሞክሳሲሊኑ ምንም አይሠራላትም። ቫይረስን አይነካም።

ቅባቱስ ማን ይባላል? ከቱቦው ላይ አንብቢልኝ።

እማማ የዘጌ እናት፣ አክብሮቴ ይድረስዎ። ግን የቁልቋል ወተት ቆዳ ያቃጥላል። ሕፃን ልጅ እጇን ብብቷ ሥር ከትታ ዓይኗን ስታሽ ምን እንደሚሆን ያስቡልኝ። ዓይን ውስጥ ገብቶ ብርሃን የጋረደበትን ልጅ አይቻለሁ።

የዘጌ እናት | ጥቅምት 10

ዶክተር፣ ዓይኑን እውነት አሉ። እኛ እግርና እጅ ላይ ነበር የምንቀባው፣ ብብት ላይ አይደለም። ያንን ሳልል ቀርቼ ነው።

የሽምብጧ እናት | ጥቅምት 10

ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አዎ፣ መሃላቸው ስርጉድ አለው። እስከዛሬ አላስተዋልኩትም። ቱቦው ላይ "ክሎቤታሶል" ይላል። በቀን ሁለት ጊዜ ቀቢ ነው ያሉኝ።

ነጭ ጋዋን | ጥቅምት 10

አትቀቢላት። ክሎቤታሶል ከስቴሮይድ ቅባቶች ሁሉ በጣም ኃይለኛው ነው። ሕፃን ልጅ ብብት ላይ ሲቀባ ቆዳውን ያሳሳል፣ በላብና በመፋተግ ደግሞ ከሌላው ቦታ ይልቅ ብዙ ወደ ውስጥ ይገባል። መቅላቱና ማሳከኩ ቶሎ ስለሚጠፋ ሰው የተሻለው ይመስለዋል። ቫይረሱ ግን እዚያው ነው፤ የሰውነቷን ውጊያም ያዳክምባታል።

አሁን የምጠይቅሽ ነገር ዋናው ነው። ቆዳዋ ድሮም ደረቅ ነው? ሕፃን ሆና ችፌ ነበረባት?

የሽምብጧ እናት | ጥቅምት 10

አዎ! ክርኗና ጉልበቷ ኋላ ላይ ችፌ ነበረባት። አሁንም ብብቷ ዙሪያ ቆዳው ሻካራ ሆኗል፣ ይላላጣል። እኔ ከፍሬዎቹ ጋር አላያያዝኩትም።

አዲስ አባት | ጥቅምት 11

እኔ ከዶክተሩ ጋር በአንዱ ነገር አልስማማም። "ጠብቁ" ማለት ለሐኪም ቀላል ነው። ወንድ ልጄ 5 ዓመቱ ሳለ ፊቱና አንገቱ ላይ 30 የሚሆኑ ወጡበት። ልጆች "እንቁራሪት ነክቷል" ይሉት ጀመር። መዋዕለ ሕፃናት አልሄድም አለ። አንድ ዓመት ልጠብቅ? አዲስ አበባ ወስጄ አስነቀልኩት። የሚያደነዝዝ ቅባት ቀብተው፣ አንድ ሰዓት ጠብቀው፣ በትንሽ ማንኪያ መሰል ብረት አንድ በአንድ አወጧቸው። በዚያው ቀን ጠፉ። ልጄም ወደ ጓደኞቹ ተመለሰ።

ነጭ ጋዋን | ጥቅምት 11

ወንድሜ፣ ውሳኔህ ስህተት አልነበረም። ፊት ላይ ሆኖ ልጁ ከሰው ከሸሸ፣ ማከም የራሱ ምክንያት አለው። ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። ተመልሶ አልመጣም?

አዲስ አባት | ጥቅምት 11

ከአምስት ሳምንት በኋላ ስምንት አዲስ ወጣ። እውነቱን ልናገር። ሁለተኛ ስወስደው ገና በሩ ላይ ነጩን ጋዋን ሲያይ ነው የጮኸው። ሦስት ሰው ይዞት ነው የተሠራው። ሁለት ቦታ ላይ ትንሽ ጠባሳ ቀርቷል። እንደዚያም ሆኖ አልጸጸትም።

ነጭ ጋዋን | ጥቅምት 11

ይሄን ስለጻፍክ አመሰግናለሁ፤ ብዙ ሰው ሁለተኛውን ክፍል አይናገርም። ፍሬውን ብታወጣውም ገና ያልታየው፣ ቆዳ ሥር ያደባው ይቀራል። ቫይረሱ ከገባ በኋላ እስኪታይ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 7 ሳምንት ይፈጃል፤ እስከ 6 ወር የሚዘገይም አለ። ስለዚህ የተመለሰው በሽታ ሳይሆን፣ ያኔ በመንገድ ላይ የነበረው ነው።

ስለ መጠበቅ በግምት እንዳላወራ። እንግሊዝ አገር 306 ልጆችን ምንም ሳያክሙ የተከታተለ ጥናት በ2015 (እንደ ፈረንጆቹ) ታትሟል። በአማካይ እስኪጠፋ 13 ወር ገደማ ፈጅቷል። ከአሥር ልጆች ሦስቱ በ18 ወርም አልጠፋላቸውም። "በራሱ ይጠፋል" የሚለው እውነት ነው፤ ግን ወላጅ "በራሱ" ሲባል ሁለት ሳምንት ይመስለዋል። የጤና ጣቢያው ሰው ይሄን ቢነግራት ኖሮ አሁን እንዲህ ባልደነገጠች። በዚያው ጥናት ከአሥር ቤት አራቱ ውስጥ ወደ ሌላው ልጅ ተላልፏል።

እህቴ፣ የአንቺ ጉዳይ ላይ እኔ የማየው ጠላት ፍሬው ሳይሆን እከኩ ነው። ችፌ ያለበት ቆዳ ስንጥቅጥቅ ስለሆነ ቫይረሱን ያስገባዋል፣ ስለሚበላትም በጥፍሯ ትዘራዋለች። ፍሬዎቹን አውጥተሽ ችፌውን ከተውሽው እንደገና ትቆጥሪያለሽ። ስለዚህ ይሄን አድርጊ። በየቀኑ አጭር መታጠቢያ፣ ለብ ባለ ውሃ፣ ሽታ በሌለው ሳሙና። ሳትሻሺ በጨርቅ ዳበስ ዳበስ አድርገሽ ሳይደርቅ ቫዝሊን ቀቢያት። ጥፍሯን በየሦስት ቀኑ ቁረጭ። ሻካራው ቆዳ ላይ ሐኪም አይቶ ከፈቀደ ቀላል የሆነው ሃይድሮኮርቲሶን 1 በመቶ፣ ስስ አድርጎ ለጥቂት ቀን ብቻ። ማታ ረጅም እጅጌ ያለው የጥጥ ልብስ አልብሻት።

ለትንሹ ልጅ፦ ሳፋው ለየብቻ፣ ፎጣው ለየብቻ፣ የገላ መፈተጊያው ለየብቻ። አንድ ሳፋ ብቻ ካለ እሱን መጀመሪያ እጠቢው፣ እሷን በኋላ፣ ከዚያ ሳፋውን በሳሙና አጥበሽ ፀሐይ ላይ ድፊው። ከተቻለ ለጊዜው አይተኙ አብረው።

ባለታንኳ | ጥቅምት 11

ዶክተር፣ ታዲያ የእኔ ልጅ ላይ የወጣውስ?

ነጭ ጋዋን | ጥቅምት 12

በቀንድ አውጣው ነገር ትክክል ነህ፤ ጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ፣ ልጅህ ውሃው ውስጥ ከገባ ሰገራ መመርመሩ ጥሩ ነው። ግን ያ ሽፍታ በሰዓታት ውስጥ ወጥቶ፣ በጣም አሳክኮ፣ በቀናት የሚጠፋ ነው። የእሷ ልጅ ላይ ያለው ደግሞ በወራት የሚቆጠር፣ የሚያብረቀርቅ፣ እምብርት ያለው ነው። ጊዜው ራሱ ይለያቸዋል። ሞለስከም ከሐይቅ ውሃ አይመጣም። ዋና የሚሄዱ ልጆች የሚጋሩት ፎጣና የቆዳ ለቆዳ ንክኪ ነው የሚያስተላልፈው።

የሽምብጧ እናት | ጥቅምት 12

አሁን ገባኝ። ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ የእህቴ ልጆች ከአዲስ አበባ መጥተው አንድ ወር ቆይተዋል። ሦስቱም በአንድ ሳፋ ነበር የሚታጠቡት። ዛሬ ደውዬ ጠየቅኳት። ትልቁ ልጅ ላይ አንገቱ አካባቢ ነበረ አለች። "ብጉር ነው ብዬ ነው" አለችኝ። አልተቆጣኋትም። እኔም ሽፍታ ነው ብዬ አልነበር?

መምህርት ቀበሌ 13 | ጥቅምት 12

እኔ መዋዕለ ሕፃናት አስተምራለሁ። ክፍሌ ውስጥ ሁለት ልጆች ላይ አለ። አንዱ ወላጅ "ያቺ ልጅ ትባረር" እያሉኝ ነው። ምን ልበላቸው?

ነጭ ጋዋን | ጥቅምት 13

አትባረር። ዓመት ለሚቆይ ነገር ልጅ ዓመት ቤት አይቀመጥም። ፍሬዎቹ በልብስ ይሸፈኑ፣ የማይሸፈነው ላይ ፕላስተር ይደረግ። የመኝታ ሰዓት ካላችሁ አንሶላና ፎጣ አይጋሩ። ለዚያ ወላጅም ይሄንኑ ንገሪያቸው፤ የእሳቸው ልጅ ላይ ቀድሞም ሊኖር ይችላል፣ ገና አልታየም ይሆናል።

ከቀበሌ 7 | ጥቅምት 14

ጤና ይስጥልኝ። እኔም ተመሳሳይ ጥያቄ አለኝ። 31 ዓመቴ ነው። ፂሜን የምላጭበት ቦታ ላይ እንዲህ ያለ ፍሬ ወጥቶብኛል፣ ወደ 40 ይጠጋል። አንዱ የምስር ፍሬ ያክላል። ላጭቼ ልጨርሰው?

ነጭ ጋዋን | ጥቅምት 14

ወንድሜ፣ የአንተ ጉዳይ ከሕፃኗ ይለያል። መጀመሪያ ምላጩን አቁም። ምላጩ ነው ከጉንጭ ወደ ጉንጭ የሚዘራው። ሁለተኛ፣ አዋቂ ሰው ፊት ላይ ይሄን ያህል ሲበዛና ሲተልቅ የኤች አይ ቪ ምርመራ ማድረግ የተለመደ አሠራር ነው። አለብህ ማለቴ አይደለም። ግን አትዝለለው። ትኩሳት፣ ራስ ምታት ወይም ክብደት መቀነስ ካለ ደግሞ ነገ ሳይሆን ዛሬ ሂድ፤ ይሄን የሚመስል የፈንገስ ሕመም አለና።

የሽምብጧ እናት | ጥቅምት 14

ዶክተር፣ ይቅርታ፣ ይሄን ሳነብ ፈራሁ። ልጄንም ላስመርምራት?

ነጭ ጋዋን | ጥቅምት 14

አይዞሽ። ጤነኛ፣ የምታድግ፣ የምትበላ የ4 ዓመት ልጅ 19 ፍሬ ቢኖራት ይሄ ብቻውን ለምርመራ ምክንያት አይሆንም። ችፌዋ ብዛቱን ያስረዳል። በመቶ የሚቆጠር ቢሆን፣ አንዳንዱ ከሳንቲም ሜትር ቢበልጥ፣ ወይም ክብደቷ እየቀነሰ ቢሆን ያኔ እጠይቅ ነበር።

የሰርጌ እህት | ጥቅምት 20

እኔም የልጄን ልንገራችሁ። 6 ዓመቱ ነው። ግራ ዓይኑ ብቻ ለአምስት ወር ቀላ። ትራኮማ ነው እየተባለ ቴትራሳይክሊን ቅባት ሦስት ቱቦ ጨረስን። ሲቀባ ትንሽ ይሻለዋል፣ ይመለሳል። በመጨረሻ አንዲት የዓይን ነርስ የላይኛውን ሽፋሽፍት ገልብጣ ሥሩ ላይ የሰሊጥ ፍሬ የምታክል ነጭ ነገር አሳየችኝ። ዓይኑን የሚያስቆጣው ከእሷ የሚረግፈው ነው አለች። ሐኪሙ አወጣት። በሦስት ሳምንት ውስጥ ዓይኑ ነጣ።

ነጭ ጋዋን | ጥቅምት 20

ይሄ በጣም ጥሩ ምሳሌ ነው። ትራኮማ በሚበዛበት አካባቢ ስለምንኖር የቀላ ዓይን ሁሉ ትራኮማ ይመስለናል። አንድ ዓይን ብቻ ለወራት ሲቀላ ሽፋሽፍቱን ሥር ሥሩን እዩ። ከሽፋሽፍት ሥር ያለች የሞለስከም ፍሬ በራሷ እስክትጠፋ አትጠበቅም። ቤት ውስጥም አትነካም፤ የዓይን ሐኪም ነው የሚያወጣት።

የሽምብጧ እናት | ኅዳር 22

ተመልሻለሁ። ያች የቀላችው ከመስመሩ አላለፈችም። በስድስተኛው ቀን ጠቁራ ቅርፊት ያዘች፣ በአሥራ አንደኛው ቀን ረገፈች። ሽሮፑን አልከፈትኩትም። ቅባቱን መለስኩት። ችፌውን ሐኪም አይቶልኝ ሃይድሮኮርቲሶኑን አምስት ቀን ብቻ ቀባኋት፤ ከዚያ ቫዝሊን ብቻ። ማታ ማከኳን አቁማለች ማለት ይቻላል። አሁን 14 ናቸው። አራት አዲስ ወጥተዋል፣ ዘጠኝ ጠፍተዋል። ትንሹ ላይ እስካሁን የለም።

አዲስ አባት | ኅዳር 23

ደስ ይላል እህቴ። ቢሆንም ፊቷ ላይ ቢወጣ ምን ታደርጊ ነበር? ይሄን ከልቤ ነው የምጠይቅሽ።

የሽምብጧ እናት | ኅዳር 23

እውነቱን ልንገርህ፣ አላውቅም ወንድሜ። ፊቷ ላይ ቢሆን የአንተን መንገድ እሞክር ይሆናል።

ነጭ ጋዋን | ኅዳር 24

ፊት ላይ ሲሆን ልምድ ያለው ሰው ይሥራው። ፍሬውን በፈሳሽ ናይትሮጅን አቀዝቅዞ ማጥፋት በእኛ ዓይነት ጠይም ቆዳ ላይ ነጣ ወይም ጠቆር ያለ ምልክት ለወራት ሊተው ይችላል። ይሄን አስቀድመው ካልነገሯችሁ ጠይቁ። አሜሪካ ውስጥ በ2023 እና በ2024 ለሞለስከም ሁለት መድኃኒቶች ተፈቅደዋል፤ አንዱ ሐኪም ብቻ የሚቀባው ነው፣ ሌላው ቤት የሚቀባ። እዚህ እኛ እጅ እስኪገቡ ግን ስለ እነሱ ብዙ ማውራት አልፈልግም።

የሽምብጧ እናት | መጋቢት 3

ጥምቀት ሰሞን ስድስቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀሉ። በዚህ ጊዜ አልደነገጥኩም፣ አስምሬ ጠበቅኩ። ዛሬ ገላዋን ሳጥባት ፈለግኩ፤ ሁለት ብቻ ቀርተዋል፣ ክንዷ ላይ። በጠፉበት ቦታ ላይ ትንሽ ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦች አሉ። ይሄ ይለቃል ዶክተር?

ትንሹ ልጅ ግን ዛሬ ጠዋት ሆዱ ላይ አንዲት ፍሬ አየሁበት። መሃሏ ላይ ስርጉድ አለ። ሳፋው ከተለየ አምስት ወር ሆኖታል፤ ከዚያ በፊት ነው ወይስ ሌላ መንገድ አለው?

ነጭ ጋዋን | መጋቢት 4

ጥቁሩ ይለቃል፣ ወራት ቢፈጅም። ስለ ትንሹ፦ ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ሳፋው ከመለየቱ በፊት ገብቶ እስከ አሁን ቢያደባ፣ የመጨረሻው ዳርቻ ላይ ነው፤ ግን ይሆናል። እቅፍ ላይ ሲጫወቱ ቆዳቸው ተነካክቶም ሊሆን ይችላል፣ እሱን ማንም አይከለክላቸውም። እሱ ችፌ አለበት?

የሽምብጧ እናት | መጋቢት 4

የለበትም። ቆዳው ለስላሳ ነው።

ነጭ ጋዋን | መጋቢት 4

እንግዲያው አንዷን በልብስ ሸፍኛት። በየሳምንቱ እሑድ ቁጠሪና ጻፊልን።